ፑሽ፣ ኤስኤምኤስ ወይስ አፕ ውስጥ የሚታይ መልእክት? ስማርት ስልክም ተራ ስልክም የያዙ ደንበኞች ላሉት አነስተኛ ድርጅት

ለደንበኛ መልእክት የሚላክበት መንገድ ሲመረጥ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዋጋ ነው። ፑሽ ኖቲፊኬሽን ነፃ ነው፣ አፕ ውስጥ የሚታየውም ነፃ ነው፣ ኤስኤምኤስ ግን በቁጥር ይከፈልበታል፤ እንግዲያው አፕ እናሠራና ከኤስኤምኤስ ወጪ እንገላገል ይባላል። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይወጣም። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ተራ ስልክ የያዙ ከሆነማ ጭራሽ አይወጣም።

ሦስቱን መንገዶች በደፈናው ከማወዳደር አንድ ሥራ ላይ አስቀምጦ ማየት ይሻላል። የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚጠግን አነስተኛ ድርጅት እንውሰድ። ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ ቴሌቪዥን ይቀበላል፣ ይጠግናል፣ ከዚያ ለባለቤቱ “ተጠግኗል፣ መጥተው ይውሰዱ” ብሎ ይነግራል። ባለቤቱ ካልሰማ ዕቃው ቦታ ይዞ ይቀመጣል፣ የጥገናው ገንዘብም አይገባም። ለንጽጽር የሚመቸውም ለዚህ ነው፤ መልእክቱ መድረስ አለመድረሱ በዓይን ይታያል።

ሦስቱ እንዴት እንደሚጓዙ

ኤስኤምኤስ የሚሄደው በስልክ ኔትዎርኩ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አፕ አይፈልግም፣ የደንበኛው ፈቃድም በስልኩ ሴቲንግ ላይ የሚጫን ነገር አይደለም። ስልኩ ከተዘጋ የኦፕሬተሩ የመልእክት ማዕከል ይዞ ይቆያል፤ ሲከፈት ያደርሳል። ስንት ጊዜ ይዞ እንደሚቆይ ግን ገደብ አለው፤ ላኪው ሊወስነው ይችላል፣ ካልወሰነው ኦፕሬተሩ የራሱን ይጠቀማል።

ፑሽ ኖቲፊኬሽን ከድርጅቱ ሰርቨር ተነስቶ በጎግል ወይም በአፕል ሰርቨር በኩል ወደ ስልኩ ይደርሳል። ለአንድሮይድ የጎግሉ ፋየርቤዝ አለ፤ ለአይፎን ደግሞ የአፕል የራሱ አገልግሎት። ደንበኛው አፑን መጫን፣ ኖቲፊኬሽን መፍቀድ፣ ዳታ ወይም ዋይፋይ ማብራት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሚደርስ ነገር የለም።

አፕ ውስጥ የሚታየው መልእክት ደንበኛው አፑን ራሱ ሲከፍት የሚያየው ነው። ፈቃድ አይጠይቅም፣ አይጮህም፣ ማንንም አይጠራም። የቤት ዕቃ ለማስጠገን ሰው በዓመት ስንቴ ይመጣል? አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ስለዚህ “ተጠግኗል” የሚለውን መልእክት እዚህ ብቻ ማስቀመጥ አለመላክ ማለት ነው። ይህን መንገድ ለዚህ ሥራ ከውድድሩ አውጥተን በሌላ ቦታ እንመለስበታለን፤ እውነተኛው ምርጫ በፑሽና በኤስኤምኤስ መካከል ነው።

ስማርት ስልክ መያዝና ፑሽ መቀበል አንድ አይደሉም

ደንበኞችን “ስማርት ስልክ ያላቸው” እና “ተራ ስልክ ያላቸው” ብሎ ለሁለት መክፈል የሚቀናን ሥራ ነው። ለላኪው የሚጠቅመው ድንበር ግን ይህ አይደለም። ድንበሩ ዛሬ ፑሽ ሊደርሰው የሚችል ሰው እና የማይደርሰው ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ቡድን ደግሞ ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው።

ጥገና ቤታችን ስልክ ቁጥራቸው የተመዘገበ 400 ደንበኞች አሉት እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ የራስዎን አስገብተው መሥራት ይችላሉ። ከ400ዎቹ 240 ስማርት ስልክ ይዘዋል። ከነዚህ አፑን የጫኑት 160 ናቸው። ከጫኑት ውስጥ ዕቃቸውን ከወሰዱ በኋላ አፑን ያጠፉ አሉ፤ ኖቲፊኬሽን ሲጠየቁ “አይ” ያሉም አሉ። አይፎን ላይ ሳይፈቀድ ፑሽ ማሳየት ቀድሞውንም አይቻልም ነበር፤ በአንድሮይድም ከ13ኛው ስሪት፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ አዲስ የተጫነ አፕ ሳይፈቀድለት ማሳየት አይችልም። ይህ ሁሉ ተቀንሶ የቀሩት 110 ይሁኑ። ከ400ው ሩብ ትንሽ አለፍ ያለ መሆኑ ነው።

ከ110ሩም ቢሆን በዚያች ሰዓት ዳታ ያጠፋ አለ። ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ስልኩ ራሱ አፑን ያስተኛበት አለ፤ አንዳንድ የአንድሮይድ አምራቾች በዚህ ጨካኞች ናቸው። ከሴቲንግ ገብቶ አፑን በግድ የዘጋ ሰው ደግሞ ተመልሶ እስኪከፍተው ድረስ ምንም አይደርሰውም።

አሁን በአንድ ወር 120 ዕቃ ተጠግኖ አለቀ እንበል። በዚያው መጠን ካሰላነው 33ቱ ባለቤቶች ፑሽ ሊደርሳቸው የሚችሉ ናቸው። ለነሱ ፑሽ ተልኮ በሁለት ሰዓት ውስጥ የ21ዱ ስልክ “ደርሶኛል” ብሎ መለሰ፤ የቀሩት 12ቱ ዝም አሉ። ለ12ቱ ኤስኤምኤስ ይላካል፤ ለ87ቱ ከመጀመሪያውም ኤስኤምኤስ ነው። በድምሩ 99 ኤስኤምኤስ። ፑሽ ያዳነው 21 ብቻ ነው።

ለ21 ኤስኤምኤስ ብሎ አፕ የሚያሠራ ሰው አይኖርም ብዬ አስባለሁ። አፑ በሌላ ምክንያት ካለ ግን 21ም ቢሆን መጣል የለበትም። ከዚያ በፊት ግን የበለጠ ገንዘብ የተቀመጠበት ሌላ ቦታ አለ።

በፊደል የተጻፈ ኤስኤምኤስ ስንት ይከፈልበታል

የአንድ ኤስኤምኤስ አቅም 140 ባይት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 7 ቢት ስለሚይዝ 160 ይገባል። በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ ግን ስልኩ ወደ ሌላ አጻጻፍ ይዛወራል፤ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታም፣ ነጥብም፣ ቁጥርም እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራል።

70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል። ሲከፈል ደግሞ ቁርጥራጮቹን መልሶ ለመግጠም የሚያገለግል መለያ ከእያንዳንዱ ላይ ቦታ ስለሚወስድ፣ አንዱ ቁራጭ 67 ፊደል ብቻ ይይዛል። ተቀባዩ አንድ መልእክት ያያል፤ ክፍያው ግን በቁራጭ ነው። በጣም ያረጀ ስልክ ላይ ሁለት ተነጣጥሎ ሊታይም ይችላል።

ይህን መልእክት ይመልከቱ፦

“ውድ ደንበኛችን፣ ለጥገና ያስረከቡን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተጠግኖ የተጠናቀቀ መሆኑን በታላቅ ደስታ እየገለጽን ደረሰኝዎን ይዘው በመምጣት እንዲወስዱ በአክብሮት እንጠይቃለን።”

109 ፊደል ነው፤ የሁለት ኤስኤምኤስ ይከፈልበታል። ይህ ሁሉ ተጽፎም የደረሰኙ ቁጥር የለበትም፣ እስከ መቼ እንደሚወሰድም አይናገርም። ሌላው ደግሞ፦

“የልብስ ማጠቢያዎ ተጠግኗል። ደረሰኝ ቁ. 318 ይዘው እስከ ቅዳሜ ይውሰዱ።”

47 ፊደል ነው። 23 ቦታ ስለተረፈ የድርጅቱ ስም ወይም የሚደወልበት ስልክ ይገባበታል። አክብሮቱም አልጠፋም፤ “ማጠቢያዎ”፣ “ይውሰዱ” የሚሉት ይዘውታል። ደስታውን መግለጽ ካስፈለገ ዕቃውን ሲያስረክቡ በአፍ ይነገራል።

ወደ ወሩ ሒሳብ እንመለስ። በረጅሙ መልእክት ለ120 ሰው ሲላክ 240 ይከፈላል። በአጭሩ 120። መልእክቱን ማሳጠር ብቻውን 120 አዳነ፤ ፑሹ ከዚያ ላይ ያዳነው 21 ነበር። የአሥር ደቂቃ ጽሑፍ ማረም አፑ ካመጣው ቁጠባ ከአምስት እጥፍ በላይ አመጣ ማለት ነው። ስለዚህ ምርጫው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት አሁን የሚልኩትን መልእክት ፊደሉን ይቁጠሩት።

ሲቆጥሩ ባዶውን ናሙና ሳይሆን ረጅሙ ስም የገባበትን ይቁጠሩ። “ቴሌቪዥንዎ” ሲገባ 65 የነበረው “የልብስ ማጠቢያ ማሽንዎ” ሲገባ 70ን ይዘላል፤ ወጪው ከወር ወር ለምን እንደሚለዋወጥ የማይገባቸው ብዙዎች ችግራቸው እዚህ ነው።

“ታዲያ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ብንጽፈውስ?” የሚል ይመጣል። 160 ይገባል፤ ልክ ነው። ነገር ግን አንዱ የእኛ ፊደል በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ይወስዳል፤ ስለዚህ ትርፉ 70 እና 160ን አይቶ የሚታሰበውን ያህል አይሆንም። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ እየተመሳሰሉ ንባቡም ይከብዳል። በኔ ግምት በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ የሚያስፈልግበት አንድ ምክንያት ብቻ ነው፦ የደንበኛው ስልክ የግዕዝ ፊደል የማያሳይ ሲሆን። አንዳንድ ተራ ስልኮች ላይ በፊደል የተላከው መልእክት ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ይመጣል። የመልእክቱ መድረሻ ሪፖርት ግን “ደርሷል” ይላል፤ ስለዚህ ከሪፖርቱ አይታወቅም።

የሚታወቀው ዕቃውን ሲረከቡ ነው። ደረሰኝ ሲቆረጥ አንድ የሙከራ መልእክት በፊደል ይላክና ደንበኛው እዚያው ቆሞ ይነበብልዎታል ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ሳጥን ከታየ በመዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ ሰው የእንግሊዝኛ ፊደሉ ናሙና ይሄዳል። ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው፤ ስልክ ቁጥሩ በስህተት ተመዝግቦ ከሆነ በዚያው ሰዓት ይታወቃል።

በእንግሊዝኛ ፊደል ለሚጻፈው ናሙና አንድ ወጥመድ አለ። አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት መልእክቱ በሙሉ ወደ 70ው ስሌት ይዛወራል። 150 ፊደል የነበረውና አንድ ኤስኤምኤስ የሚከፈልበት ጽሑፍ፣ የደንበኛው ስም ከመዝገቡ በፊደል ሲገባበት ሦስት ይሆናል። ከዎርድ ተቀድቶ የመጣ ጠምዛዛ የትእምርተ ጥቅስ ምልክትም ይህንኑ ያደርጋል።

ፑሹ እንዳልደረሰ እንዴት ይታወቃል

አፑ ካለና ፑሽን አስቀድሞ፣ ኤስኤምኤስን ደግሞ መጠባበቂያ ማድረግ ከተፈለገ፣ ሥራው በሙሉ ያለው “መቼ ነው አልደረሰም ብለን ወደ ኤስኤምኤስ የምንዛወረው?” በሚለው ላይ ነው። በዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንድ ቦታ ነው። ለፋየርቤዝ ሲላክ “ተሳክቷል” የሚል መልስና የመልእክት መለያ ይመጣል። ይህ መልስ ጎግል ተቀብሎኛል ማለት ነው እንጂ ስልኩ ደርሶታል ማለት አይደለም። ስህተት ሲመጣ ብቻ ኤስኤምኤስ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ ሲስተም፣ ዳታ ያጠፋውን ደንበኛ በሙሉ እንደደረሰው ይቆጥረዋል።

ይባስ ብሎ ፋየርቤዝ ያልደረሰውን አይጥለውም። ላኪው ካልወሰነው እስከ አራት ሳምንት ይዞ ይጠብቃል። ዳታውን ከአሥር ቀን በኋላ ያበራ ደንበኛ “እስከ ቅዳሜ ይውሰዱ” የሚል ያለፈ መልእክት ይመጣለታል፤ ያውም ዕቃውን ከወሰደ በኋላ።

ሁለቱንም ችግር የሚፈታው አንድ ነገር ነው፦ የፑሹን ዕድሜ ከመጠበቂያው ጊዜ ጋር እኩል ማድረግ። ለኤስኤምኤስ ሁለት ሰዓት የምንጠብቅ ከሆነ ፑሹም በሁለት ሰዓት ይሙት። በፋየርቤዝ ሲላክ ለአንድሮይድ እንዲህ ይገባል፦

```json
"android": {
  "priority": "high",
  "ttl": "7200s"
}
```

7200 ሰከንድ ሁለት ሰዓት ነው። ለአይፎን ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው `apns-expiration` የሚባለው ነው፤ እሱ ግን የሰከንድ ርዝመት ሳይሆን የሚያበቃበትን ሰዓት ይፈልጋል፣ እዚያ ላይ 7200 ብሎ መጻፍ ጊዜው ያለፈበት መልእክት መላክ ነው።

መድረሱን የሚያረጋግጠው ደግሞ አፑ ራሱ ነው። ፑሹ ሲደርስ አፑ ለድርጅቱ ሰርቨር አንድ አጭር መልስ እንዲልክ ይሠራል፤ ሁለት ሰዓት ሞልቶ ይህ መልስ ካልመጣ ኤስኤምኤሱ ይወጣል። አፑን የሚሠራልዎትን ባለሙያ በዚህ ላይ በግልጽ ይጠይቁት፤ “ፋየርቤዝ ሪፖርት አለው” ብሎ ካለፈው አልገባውም ማለት ነው። አልፎ አልፎ ፑሹ ደርሶ መልሱ በመንገድ ይቀርና ደንበኛው ሁለቱንም ያገኛል። ይህ ጉዳት የለውም፤ ተቃራኒው ነው የሚጎዳው።

ለምን ሁለት ሰዓት? የተጠገነ ዕቃ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ምንም አይሆንም፤ ዳታውን አጥፍቶ የሚያበራ ሰውም በዚህ ጊዜ ውስጥ የማብራት ዕድል አለው። ቴክኒሻኑ ወደ ደንበኛው ቤት እየሄደ ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት ብዙ ነው። እዚያ ላይ ምንም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፑሽም ሳይሞከር በቀጥታ ኤስኤምኤስ ይላክ። ማታ ላይ ያለቀ ሥራም ጠዋት ቢላክ ይሻላል፤ አለዚያ መጠበቂያው ሌሊት ላይ ሞልቶ ኤስኤምኤሱ ሰው ይቀሰቅሳል።

ሌላው የሚረሳው የአድራሻዎቹ ጽዳት ነው። አፑ በተጫነበት ስልክ ሁሉ ፋየርቤዝ አንድ መለያ ይሰጣል፤ ፑሽ የሚላከው ወደዚያ መለያ ነው። ደንበኛው አፑን ሲያጠፋ መለያው ይሞታል፤ ቆይቶ ሲላክ `UNREGISTERED` የሚል መልስ ይመጣል። ይህ መልስ የመጣበት መለያ ወዲያው ከመዝገብ ይሰረዝና ደንበኛው በቀጥታ ወደ ኤስኤምኤስ ወገን ይዛወር። ካልተሰረዘ ያ ሰው ሁልጊዜ መልእክቱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የሚደርሰው ደንበኛ ሆኖ ይቀራል።

ፈቃዱ የሚጠየቅበት ሰዓትም የደንበኞቹን ቁጥር ይለውጣል። አብዛኛው አፕ ገና ሲከፈት ይጠይቃል፤ ሰውየው ምን እንደሚላክለት ስለማያውቅ “አይ” ይላል። አይፎን ላይ ያ ጥያቄ የሚመጣው አንዴ ነው፤ ከተከለከለ በኋላ ደንበኛው ራሱ ሴቲንግ ገብቶ ካልለወጠው አይመለስም። ለጥገና ቤት ትክክለኛው ሰዓት ዕቃው ተመዝግቦ ደረሰኙ አፑ ላይ በታየበት ቅጽበት ነው፤ “ተጠግኖ ሲያልቅ እንንገርዎ?” ተብሎ ቢጠየቅ እምቢ የሚልበት ምክንያት ጥቂት ነው።

አፕ ውስጥ የሚታየው የሚበልጥበት ቦታ

ቀደም ብለን ከውድድር ያወጣነው መንገድ ብቻውን የሚመረጥበት ሥራ አለ። ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ነው፣ ፑሹም ስክሪኑ ላይ የሚታይለት አንድ ሁለት መስመር ነው። የተበላሸው ዕቃ ምን ሆኖ ነበር፣ የትኛው ክፍል ተቀየረ፣ ዋስትናው እስከ መቼ ነው፣ የተቃጠለው ሞተር ፎቶ፣ ይህ ሁሉ የሚቀመጠው አፑ ውስጥ ነው። ደንበኛው ሲፈልገው ያገኘዋል፤ ማንም እንዲጠራው አያስፈልግም።

ፑሽ ከተላከም ግልባጩ ሁልጊዜ አፑ ውስጥ ይቀመጥ። ኖቲፊኬሽን በጣት ተጠርጎ ከጠፋ በቀላሉ ተመልሶ አይገኝም፤ ሰውየው “አንድ ነገር መጥቶልኝ ነበር” ብሎ አፑን ሲከፍት ባዶ ገጽ ካየ ስልክ ይደውላል። የሚደወለው ደግሞ ለእርስዎ ነው።

የሥራው ደረጃዎችም እዚህ ይገባሉ፦ ተረከብን፣ መለዋወጫ ታዘዘ፣ እየተሠራ ነው፣ ተሞከረ። አራቱንም ከመጨረሻዋ “ተጠግኗል” ጋር በኤስኤምኤስ መላክ ለአንድ ዕቃ አምስት ክፍያ ነው፤ ለተራ ስልኩ ባለቤትም አምስተኛዋ ብቻ ነበረች የምታስፈልገው። አፑ ለጫነ ሰው ደረጃዎቹ አፑ ውስጥ ይታዩ፤ ከፈለገ በፑሽ ይምጡለት። ፑሽ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው፤ ባይደርስ ጉዳት የሌለው፣ ቢደርስ ግን ደስ የሚያሰኝና በኤስኤምኤስ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ የማይላክ መልእክት። ተራ ስልክ የያዘው ደንበኛ በዚህ ይበደላል ወይ? በመረጃ ብዛት አዎ፤ በሚያስፈልገው ነገር ግን አይደለም፣ ጥሪዋ ለሁሉም ትደርሳለች። ደረጃውን ማወቅ የሚፈልግ ከሆነ የደረሰኝ ቁጥሩን ተናግሮ በስልክ ይጠይቃል።

መልስ የሚፈልግ መልእክት ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። “መለዋወጫው ይህን ያህል ነው፣ እንቀጥል?” ለሚለው ፑሽም አፕም አይታመኑም። ኤስኤምኤስም ቢሆን ላኪው በስም ከሆነ፣ ማለትም ከቁጥር ይልቅ የድርጅቱ ስም የሚታይበት ከሆነ፣ ደንበኛው መመለስ አይችልም። ተራ ስልክ የያዙ ብዙዎች ይመልሳሉ፤ መልሱ የትም እንዳልሄደም አያውቁም። ስለዚህ መልስ ለሚፈለግበት፣ መልእክት መቀበል ከሚችል ቁጥር መላክ ወይም በግልጽ “ይደውሉ” ብሎ ቁጥሩን ማስቀመጥ ነው። ገንዘቡ ብዙ ከሆነ ደግሞ መደወል።

ምን ይምረጡ

አፕ ከሌለዎትና መልእክቱ ዕቃ ውሰዱ፣ ቀጠሮ አለዎት፣ ክፍያ ደርሷል የሚል ብቻ ከሆነ፣ ኤስኤምኤስ ብቻ ይበቃል። ለኖቲፊኬሽን ብለው አፕ አያሠሩ። ከላይ ባለው ወር 21 ኤስኤምኤስ ለማዳን የሚወጣው የአፕ ሥራና የየዓመቱ ጥገና ወጪ በምንም ሒሳብ አይመለስም። የአፕ ምትክ ሆኖ በዌብሳይት በኩል የሚላክ ፑሽ እንዳለ ይነገርዎት ይሆናል፤ አንድሮይድ ላይ ይሠራል፣ አይፎን ላይ ግን ከ2023ቱ የ16.4 ስሪት ወዲህ፣ ያውም ደንበኛው ገጹን ወደ ስልኩ የመጀመሪያ ስክሪን ከጨመረው ብቻ ነው። ዕቃ ለማስጠገን አንዴ የመጣ ሰው ይህን አያደርግም።

አፕ ካለዎት ፑሽ ይቅደም፣ ሁለት ሰዓት ይጠበቅ፣ ካልተረጋገጠ ኤስኤምኤስ ይሂድ። ለአስቸኳይ ነገር መጠበቁ ይቅርና ኤስኤምኤሱ በቀጥታ ይውጣ። ደንበኞችዎ በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙብዎት ዓይነት ከሆኑ፣ ለምሳሌ ዕቃ በየቀኑ የሚያደርሱ ከሆነ፣ አፑን በጫኑት ላይ የሚላከው መልእክት ስለሚበዛ ሒሳቡ ወደ ፑሽ ያጋድላል። የ21ዱን ስሌት በራስዎ ቁጥር ሠርተው ይዩት፤ ወሳኟ ቁጥር አፑን የጫኑት ሳይሆኑ በመጠበቂያው ጊዜ ውስጥ ያረጋገጡት ናቸው።

ማስታወቂያና ቅናሽ በየትኛውም ቢላክ፣ ከአገልግሎት መልእክቱ ጋር በአንድ መንገድ አይሂድ። በቅናሽ የተሰላቸ ሰው ኖቲፊኬሽኑን ሲዘጋ “ተጠግኗል” የሚለውንም አብሮ ይዘጋል። አንድሮይድ ላይ አፑ የኖቲፊኬሽን ዓይነቶችን ለየብቻ አድርጎ ማቅረብ ስለሚችል፣ ቅናሹ ብቻውን የሚዘጋበት ተደርጎ ይሠራ።

ከላኩ በኋላ የሚታየው

የኤስኤምኤስ አቅራቢዎ የመድረሻ ሪፖርት ይሰጥዎታል። በሪፖርቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታዩት `DELIVRD`፣ `EXPIRED` እና `UNDELIV` ናቸው። የመጀመሪያው ስልኩ ተቀብሎታል ማለት ነው፤ ተነብቧል ማለት አይደለም። ሁለተኛው ማዕከሉ ይዞ ጠብቆ ጊዜው አለቀበት ማለት ነው፦ ስልኩ ተዘግቶ ሰንብቷል ወይም ኔትዎርክ የሌለበት ቦታ ነው። ተራ ስልክ ላይ ሌላም ምክንያት አለ፤ የመልእክት ሳጥኑ ከሞላ ባለቤቱ አሮጌዎቹን እስኪያጠፋ ድረስ አዲስ አይገባም። ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ የተሳሳተ ወይም ከአገልግሎት የወጣ ነው።

አንዳንድ አቅራቢዎች ኦፕሬተሩ ሲረከባቸው ብቻ “ተልኳል” ብለው ሪፖርቱን ይዘጋሉ። ከመዋዋልዎ በፊት አንድ ስልክ አጥፍተው ወደዚያ ይላኩ። ስልኩ እንደጠፋ ሪፖርቱ `DELIVRD` ካለ፣ ያ ሪፖርት አይጠቅምዎትም፤ ሌላ አቅራቢ ይፈልጉ።

`EXPIRED` የሆኑትን ደግሞ መልሶ በኤስኤምኤስ ከመላክ መደወል ይሻላል። ከ99ኙ አራት አምስት ቢሆኑ ነው፤ በአንድ ጠዋት ይደወልላቸዋል። ስልኩ ካልተነሳም በደረሰኙ ላይ ሁለተኛ ቁጥር ተጽፎ ከሆነ ወደዚያ ይደወላል፤ ዕቃ ሲረከቡ ሁለት ቁጥር የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።